ደብተሩን በሚዛን፣ እስክሪብቶውን በማስመሪያ

አንድ ዓመት ለ65 ተማሪዎች ደብተር የገዛሁት ሽፋኑን አይቼ ነበር። የሚያብረቀርቅ፣ ጠንካራ፣ በእጅ ሲይዙት ደልደል ያለ ሽፋን። ትምህርት ከተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ በገጹ ጀርባ መጻፍ ተዉ። የፊቱ ጽሑፍ ወደ ኋላ እያሳየ ማንበብ አልቻሉም። ባለ 100 ገጽ የተባለው ደብተር በአንድ ጊዜ ባለ 50 ገጽ ሆነ ማለት ነው። ዓመቱ ሳይጋመስ ሌላ ደብተር ፍለጋ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ናሙና ሳልመዝንና ሳልሞክር አልገዛም። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ ማስመሪያ፣ ማርከር፣ ላጲስና ጥቁር ጨርቅ። ጊዜው ደግሞ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃል።

ናሙናውን ራሳችሁ ምረጡ

ሻጩ ከመደርደሪያ አንስቶ የሚሰጣችሁ ናሙና ብዙ ጊዜ ለማሳያ የተለየ ነው። ከተቻለ ካርቶን ይከፈት፤ ከላይ ሳይሆን ከመሃል አምስት ደብተር ውሰዱ። እስክሪብቶ ግን በአምስት አይፈተንም። ቢያንስ 30 ያስፈልጋል፣ ያውም ከተለያዩ ካርቶኖች። ለምን 30 እንዳልኩ በቦታው እመለስበታለሁ።

የናሙናውን ዋጋ ክፈሉ። በነፃ ከተሰጣችሁ ይሉኝታ ይይዛችኋል።

ወረቀቱን መመዘን

የወረቀት ክብደት የሚነገረው በግራም ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። «60 ግራም ወረቀት» ሲባል አንዷ ቅጠል 60 ግራም ትመዝናለች ማለት አይደለም። ለፎቶ ኮፒ የምንጠቀምበት የተለመደው ኤ4 ወረቀት 80 ግራም ነው። 16 ኤ4 ቅጠሎች አንድ ላይ አንድ ካሬ ሜትር ስለሚሞሉ አንዷ ቅጠል 5 ግራም ገደማ ትመዝናለች።

ይህን ማወቅ ሚዛናችሁን ለመፈተን ይጠቅማል። አሥር የኮፒ ወረቀት አስቀምጡበት። 50 ግራም አካባቢ ካነበበ ሚዛኑ እምነት ይጣልበታል። 43 ወይም 58 ካለ ሌላ ሚዛን ፈልጉ።

አሁን ደብተሩ። አምስቱን አንድ ላይ መዝኑና ለአምስት አካፍሉ። አንዱን ብቻ ብትመዝኑ የሚዛኑ ትንሽ ስህተት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ቀጥሎ የአንዱን ደብተር ሽፋን ገንጥላችሁ ለብቻው መዝኑ። ከዚያ ቅጠሎቹን ቁጠሩ። አዎ፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ። አንድ ቅጠል ሁለት ገጽ ስለሆነ ባለ 100 ገጽ ደብተር 50 ቅጠል ሊኖረው ይገባል። ሽፋኑን አራት ገጽ ብለው የሚቆጥሩ አምራቾች ስላሉ 48 ቅጠል ብታገኙ አትደነቁ፤ ግን ያዙት። በመጨረሻ የአንዲቱን ቅጠል ቁመትና ወርድ ለኩ።

ስሌቱን በሁለት ደብተሮች ላሳያችሁ። ሁለቱም «100 ገጽ፣ 60 ግራም» የሚል ተጽፎባቸዋል እንበል። የሁለቱም ቅጠል 20.5 በ16.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የአንዷ ቅጠል ስፋት 338 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል።

የመጀመሪያው ደብተር 118 ግራም መዘነ። ሽፋኑ 14 ግራም ነው፤ ስለዚህ ለወረቀቱ 104 ይቀራል። ቅጠሉ 50 ነው። 50 ጊዜ 338 ማለት 16,900 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 1.69 ካሬ ሜትር ነው። 104ን ለ1.69 ስናካፍል 61.5 ግራም እናገኛለን። የተጻፈበትን የሚያከብር ደብተር ነው።

ሁለተኛው ሲመዘን 96 ግራም ሆነ። እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበትን ተመልከቱ። ሽፋኑን ሳይቀንስ፣ ቅጠሉን ሳይቆጥር 96ን ለ1.69 ያካፈለ ሰው 57 ግራም ያገኛል። «ትንሽ ቢያንስም ደህና ነው» ብሎ ይገዛል። ሽፋኑን ገንጥለን ስንመዝን ግን 20 ግራም ሆኖ ተገኘ። ለወረቀቱ የቀረው 76 ብቻ ነው። ቅጠሉም 48 ነው፣ ስፋቱ 1.62 ካሬ ሜትር። 76 ለ1.62 ሲካፈል 47 ግራም ይሆናል። እኔን ያታለለኝ እንዲህ ያለው ደብተር ነበር፤ ወፍራሙ ሽፋን የሳሳውን ወረቀት ሸፍኖታል።

የ2 እና የ3 ግራም ልዩነት ላይ ከሻጩ ጋር አትጨቃጨቁ። ወረቀት ከአየሩ እርጥበት ይስባል። በዝናብ ወቅት የተመዘነ ደብተር በደረቅ ወቅት ከተመዘነው ትንሽ ይከብዳል። ፋብሪካም ቢሆን ትንሽ ከፍ ዝቅ ይልበታል። ከ60 ወደ 58 መውረድ የተለመደ ነው። ከ60 ወደ 47 መውረድ ግን የሆነ ሰው የወሰነው ነገር ነው።

ስንት ግራም ይበቃል? ለእስክሪብቶ ጽሑፍ ከ55 እስከ 60 ያለው በሁለቱም ገጽ ያጽፋል ባይ ነኝ። ከ50 በታች ከሆነ ጫን ብሎ የሚጽፍ ልጅ ጀርባውን ያበላሸዋል። ወደ ላይ መውጣትም ዝም ብሎ ጥሩ አይደለም። ያው ደብተር በ80 ግራም ወረቀት ቢሠራ 149 ግራም ይመዝናል። ልጁ ስምንት ደብተር ተሸክሞ የሚመላለስ ከሆነ ቦርሳው ላይ ሩብ ኪሎ ጨመርንበት ማለት ነው።

ክብደት የማይነግረን

ሁለት ወረቀቶች እኩል 60 ግራም ሆነው አንዱ ያጽፋል፣ አንዱ አያጽፍም። ምክንያቱ ወረቀቱ ሲሠራ የሚገባበት ነገር ነው። ወረቀት ፈሳሽ እንዳይጠጣ የሚከላከል ማጣበቂያ መሰል ነገር ይጨመርበታል። እሱ ከጎደለ ወረቀቱ እንደ ናፕኪን ቀለም ይስባል። እንዲሁም ነጣ እንዲልና እንዳያሳይ ነጭ የማዕድን ዱቄት ይገባበታል። ዱቄቱ ከበዛና በደንብ ካልተያዘ ይራገፋል።

ሦስት ፈተናዎች ይበቃሉ። አንደኛው፣ አንዲት ቅጠል ደማቅ ጽሑፍ ባለበት የታተመ ገጽ ላይ አስቀምጡ። ከሥር ጽሑፍ እንዳለ ቢታወቅ ችግር የለም፤ ቃላቱን ማንበብ ከቻላችሁ ግን የልጁም ጽሑፍ ወደ ጀርባ ያሳያል። ሁለተኛው፣ በጄል እስክሪብቶ የተቆራረጡ መስመሮች አስምሩ። ጄል በውሃ የተሠራ ቀለም ስለሆነ የወረቀቱን ጉድለት ቶሎ ያጋልጣል። ጠርዙ እንደ ሸረሪት እግር ከተበተነ ወረቀቱ ይስባል። ቅጠሏን ገልብጡና ጀርባዋን እዩ። ቀለሙ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ካለፈ ይህ ከማሳየት የተለየ ችግር ነው፤ ግራም በመጨመር ብቻ አይፈታም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቅጠሏን በጥቁር ጨርቅ ጫን ብላችሁ አሥር ጊዜ እሹት። ጨርቁ ላይ ነጭ አቧራ ከቀረ ያ አቧራ ነገ የእስክሪብቶው ጫፍ ውስጥ ይገባል። «እስክሪብቶው ገና አዲስ ሆኖ አቆመ» ተብሎ ከሚጣለው ውስጥ ጥፋቱ የወረቀቱ የሆነ አይጠፋም።

ላጲስንም አትርሱ። በእርሳስ ጽፋችሁ አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ አጥፉ። ከሦስተኛው በኋላ ወረቀቱ ጸጉር ካወጣና በላዩ በእስክሪብቶ ሲጻፍ ከተበተነ ለሒሳብ ደብተር አይሆንም።

ስፌቱን ለማየት የመሃሉን ቅጠል ብቻ ይዛችሁ ደብተሩን አንጠልጥሉና ትንሽ ነቅነቅ አድርጉ። ሽቦው ከእጥፋቱ መስመር ውጪ የገባ ከሆነ ወዲያው ይቀደዳል።

እስክሪብቶው ምን ያህል ገጽ ይጽፋል?

የተለመደው እስክሪብቶ ጫፉ ላይ ትንሽ ብይ አለችው። ብዙ ጊዜ ወርዷ 0.7 ወይም 1 ሚሊ ሜትር ነው። ስትሽከረከር ከውስጥ ዝልግልግ ያለውን የዘይት ቀለም እየያዘች ትወጣለች። ብይዋ በቤቷ ውስጥ ከላላች ቀለሙ ይተፋል፤ ከጠበቀች ይቆራረጣል። የእስክሪብቶ ጥራት ከሞላ ጎደል እዚህች ጫፍ ላይ ነው ያለው። የፕላስቲኩ ውበት ምንም አይነግራችሁም።

ሱቅ ውስጥ በብጣሽ ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሞክሮ መግዛት ዋጋ የለውም። ያ ብጣሽ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ሌሎች ወረቀቶች ተደርበውለታል፤ ለስለስ ባለ ነገር ላይ ማንኛውም እስክሪብቶ ይጽፋል። እናንተ የምትሞክሩት ልትገዙት ባሰባችሁት ደብተር ላይ ይሁን። አንዴ ደብተሩ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጣችኋት ነጠላ ቅጠል ላይ።

መጀመሪያ 30ዎቹን በሙሉ ክዳናቸውን ከፍታችሁ እያንዳንዳቸው ሁለት መስመር የ8 ቁጥር ይጻፍባቸው። አንድ ጣት የሚያህል መስመር እስኪሰመር ድረስ ያልጀመረውን «አልጻፈም» ብላችሁ ቁጠሩት። ቁጥሩ 30 የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ከአሥሩ አንዱ የማይሠራ መጥፎ ዕቃ ቀርቦላችኋል እንበል። አሥር ብቻ ብትሞክሩ አሥሩም ጽፈው የምትታለሉበት ዕድል ከሦስት ጊዜ አንድ ይሆናል። 30 ከሞከራችሁ ግን ዕድሉ ከመቶ ወደ 4 ይወርዳል። ከ30 አንዱ ቢከሽፍ ሌላ 30 አስጨምሩና ሞክሩ። ሦስት ከከሸፈ ያን ዕቃ ተዉት።

ቀጥሎ ማስመሪያው ይመጣል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት እስክሪብቶ ወስዳችሁ ቀለሙ ያለበትን ቀጭን ቱቦ አውጡ። ቀለሙ ከጫፉ እስከ መጨረሻው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሆን ለኩ። የቀለሙ መጨረሻ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉና ቱቦውን መልሱ። ከዚያ ሙሉ አሥር ገጽ ይጻፍበት። ራሳችሁ መጻፍ የለባችሁም፤ ጽሑፉ ደቃቅ ያልሆነ ተማሪ ማስታወሻውን ይገልብጥበት። ሲጨርስ ቀለሙ ከምልክቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ለኩ።

እኔ ሁለት ዓይነት ስሞክር የመጀመሪያው 105 ሚሊ ሜትር ቀለም ነበረው። በአሥር ገጽ 9 ሚሊ ሜትር ወረደ። ስለዚህ እስኪያልቅ ወደ 115 ገጽ ይጽፋል። ሁለተኛው ከውጭ ሲታይ እኩል ነው፤ ቱቦው ግን እስከ ላይ አልተሞላም፣ 80 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአሥር ገጽ 17 ሚሊ ሜትር በላ። 47 ገጽ ላይ ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ እንኳ አያዋጣም። የሚያዋጣው የአንደኛውን ሁለት አምስተኛ ያህል ብቻ ከተጠየቀበት ነው።

ስምንት ደብተር ባለ 100 ገጽ የሚሞላ ልጅ በመጀመሪያው ሰባት እስክሪብቶ፣ በሁለተኛው 17 ይፈልጋል። ይህ እንግዲህ በወረቀት ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ልጅ እስክሪብቶ ጨርሶ ሲጥል ያየሁት ብርቅ ነው፤ ብዙውን የሚጨርሰው መጥፋት ነው። በሰባቱ ላይ ሦስት አራት ጨምሩበት።

መትፋት፣ ሙቀትና መውደቅ

ቀለም የሚተፋ እስክሪብቶ በቀጥታ መስመር አይጋለጥም። ጫፉ ዙሪያ የተጠራቀመው ቀለም የሚወድቀው እጅ አቅጣጫ ሲቀይር ነው። ስለዚህ 20 ክብ ሳታቋርጡ ጻፉና ጫፉን በነጭ ሶፍት ጥረጉ። ሶፍቱ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነጥብ ከሆነ ጥሩ ነው። እድፍ ከሆነ የልጁ እጅና የደብተሩ ጠርዝ እንዲሁ ይሆናል። ጽፋችሁ እስከ አምስት ቆጥራችሁ በአውራ ጣት አብሱት፤ በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ እጁን በጻፈው ላይ ስለሚጎትት መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

ሙቀት ቀለሙን ያቀጥነዋል። አምስት እስክሪብቶ ክዳናቸውን አውልቃችሁ ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጉና ሥሩ ሶፍት ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አውሏቸው። ማታ ሶፍቱን እዩ። ያንጠባጠበ ካለ ልብስ ኪስ ውስጥም ያንጠባጥባል። ከዚያ ሳትከድኑ አሳድሯቸውና ጠዋት ሞክሩ። የዘይት ቀለም ያለው ወዲያው ወይም አጭር መስመር ከተሰመረ በኋላ መጀመር አለበት።

ሦስቱን ደግሞ ከጠረጴዛ ከፍታ ጫፋቸው ወደ ታች ሆኖ ወለል ላይ ጣሏቸው። ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚደርስባቸው ይኸው ነው። ጄል እስክሪብቶ ለብዙ ተማሪ የማልገዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲወድቅ ቶሎ ይበላሻል፣ ክዳኑ ሲረሳ ይደርቃል፣ ቀለምም በብዛት ስለሚያወጣ ቶሎ ያልቃል። ጽሑፉ ማማሩን አልክድም።

ክዳኑ አናት ላይ ቀዳዳ መኖሩንም እዩ። ቀዳዳው ያለ ምክንያት አልተሠራም። ልጅ ክዳኑን ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር አየር እንዲያልፍ ነው። ለዚህ የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፣ ቁጥሩ 11540። ቀዳዳ የሌለውን ለትንንሽ ልጆች አልገዛም። በቀፎው ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። ቀለሙ ሲወርድ አየር ታስገባለች፤ ከተደፈነች እስክሪብቶው ሊቆራረጥ ይችላል።

ዕቃው ሲመጣ

ለ65 ተማሪ ስምንት ስምንት ደብተር 520 ነው። ትንሽ መጠባበቂያ ጨምራችሁ አዘዛችሁ እንበል። ስታዝዙ በጽሑፍ የሚሰፍረው የሽፋኑ ስም አይሁን። የቅጠሉ ቁጥር፣ የወረቀቱ ግራምና የአንዱ ደብተር ክብደት ይስፈር። ከተፈተኑት ናሙናዎች ሁለቱን ሻጩና እናንተ ፈርማችሁባቸው አንዱ እናንተ ዘንድ፣ አንዱ እሱ ዘንድ ይቀመጥ። እስክሪብቶም እንደዚሁ። አዲስ የተመረተ እስክሪብቶ መሆኑን ከካርቶኑ ቀን አረጋግጡ፤ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆየ ቀለም ጫፉ ላይ ይደርቃል።

በርክክቡ ቀን ሁሉንም መቁጠርና መገንጠል አይቻልም። የሚቻለው ይህ ነው። አንዱ ደብተር 118 ግራም ከሆነ የ12ቱ ፓኬት 1,416 ግራም ይመዝናል፣ የማሸጊያው ሲቀነስ። ፓኬቶቹን አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አሳልፏቸው። ከ1,370 እስከ 1,460 ያለውን ተቀበሉ። ከዚያ በታች ያለውን ለይታችሁ ከመሃሉ አንድ ደብተር አውጡ፣ ሽፋኑን ገንጥሉ፣ ቅጠሉን ቁጠሩ። ከላይ ያለውን ስሌት እዚያው ሻጩ ፊት ሥሩት። ከእስክሪብቶው ደግሞ ከየካርቶኑ አሥር አሥር አውጥታችሁ ናሙናው ደብተር ላይ አጽፉ፤ የሁለት ቱቦዎችንም የቀለም ርዝመት በማስመሪያ አስተያዩ።

ሻጩ መጀመሪያ ይስቃል። ደብተር በሚዛን የሚረከብ ሰው አይቶ አያውቅማ። የቀለለው ፓኬት ሲገኝ ግን ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ደብተር ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ዕቃው እዚያው ተመልሶ ይጫናል።